ግማሹ የጠበበ ሱሪ

በልብስ ሰፊ እጅ ተስተካክሎ በልኩ የመጣ ልብስ ሥራው አይታይም። አዲስ ቀሚስ የሰፋ ባለሙያ ቀሚሱን በር ላይ ሰቅሎ ችሎታውን ማሳየት ይችላል። ሰፊ ሱሪ ያጠበበ ሰው ግን ሰቅሎ የሚያሳየው ተራ ሱሪ ብቻ ነው፤ በደንብ የጠበበ ሱሪ ማንም ያልነካው ይመስላልና። በገበያ ከተማ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አዲስ ደንበኛ በቪዲዮ ሊጠራ ሲያስብ «በፊትና በኋላ» የሚባለው አቀራረብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የተሠራው ሥራ መጠን የሚታወቀው ልብሱ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ሲታይ ነው።

እንዲህ ያለው ቪዲዮ የሚታየው በስልክ ነው፤ በቲክቶክ ይለቀቃል፣ በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሱቅ ውስጥ ተራ ለሚጠብቅ ደንበኛም ይከፈታል። ከአንድ ደቂቃ ማለፍ የለበትም፤ አርባ አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በዚህች አጭር ጊዜ የሚባለውና የሚታየው አስቀድሞ ካልተጻፈ ካሜራው ፊት «እንግዲህ እንደምታዩት» እየተባለ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ጽሑፉ ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ምን እንደሚያሳይና በላዩ ምን እንደሚነገር በወረቀት ላይ ይሰፍራል።

ጽሑፉ ግን ልብሱ ሳይመረጥ አይጻፍም። ለመጀመሪያ ቪዲዮ የሚመረጠው የወንድ የሱፍ ሱሪ ነው። ኮት ማስተካከል የበለጠ የሚያስደንቅ ቢሆንም ትከሻውን መንካት የቀናት ሥራ ስለሆነ፣ ለውጡም በትንሽ የስልክ መስኮት ስለማይጎላ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ጂንስ ደግሞ ድርብ ስፌቱ ወፍራም ነው፤ በውጭ የሚታየውን ክር አመሳስሎ መመለስ ያስቸግራል፤ ሲተረተርም ያልደበዘዘ መስመር ስፌቱ በነበረበት ይቀራል። የሱፍ ሱሪ ወገቡ ከኋላ መሐል ላይ ለሁለት የተከፈለ ሆኖ የሚሰፋው ወደፊት እንዲጠብ ወይም እንዲለቀቅ ታስቦ ነው። ቀለሙ ግራጫ ወይም ቡኒ ቢሆን ይሻላል። ጥቁር ጨርቅ በስልክ ካሜራ ሲቀረጽ እጥፋቱም ስፌቱም ጠፍቶ አንድ ጥቁር ነገር ሆኖ ይወጣል፤ የሰፋው እግርና የጠበበው እግር ልዩነታቸው አይለይም።

የማን ሱሪ ይሁን የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ፊት ባይታይ እንኳ ሱሪው ይታወቃል። ከልባሽ ጨርቅ ክምር የገዛውን ሱሪ አስጠብቦ ለሠርግ የሚለብስ ደንበኛ ከሠርጉ በፊት ሱሪው በሰው ሁሉ ስልክ ላይ ቢታይ ደስ አይለውም፤ ቢፈቅድም ኋላ መጸጸቱ አይቀርም። ልብስ ሰፊው የራሱን፣ የወንድሙን ወይም የሚያለማምደውን ልጅ ሱሪ ቢጠቀም ጣጣ የለውም። ለሴት ልብስ ሲሆን ልክ ሲወሰድ መቅረጹን ትቶ ልብሱን ብቻ ማሳየት ይበቃል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሱሪው ግራጫ ነው፤ የወገቡ ዙሪያ 90 ሴንቲ ሜትር፣ የለባሹ ወገብ ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ሲለካ 86። የእግሩ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲለካ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የሚፈለገው 20 ነው። ርዝመቱ በ6 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። እነዚህ ሦስት ልዩነቶች የቪዲዮው ታሪክ ናቸው፤ ከዚህ በላይ መጨመር ተመልካቹን ያደናግረዋል።

ወገቡ የሚጠበው ከኋላ በመሐል ስፌቱ ነው። አራቱ ሴንቲ ለሁለት ተከፍሎ ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ሴንቲ ይገባል፤ መስመሩም ወደ መቀመጫው እየወረደ ቀስ በቀስ ከድሮው ስፌት ጋር ይገናኛል። በድንገት ከተገናኘ መቀመጫው ላይ ጉብ ያለ ነገር ይፈጥራል። በዚህ መንገድ የሚጠበው ወገብ ገደብ አለው። ወገቡ በጠበበ ቁጥር የኋላ ኪሶቹ እየተቀራረቡ ይመጣሉ፤ ከአራት አምስት ሴንቲ ካለፈ ሁለቱ ኪሶች ተጠጋግተው ሱሪው የሌላ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው የጎን ስፌቱም መከፈት አለበት፤ ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ዋጋውም ሌላ።

እግሩ ሲጠብ ከውስጥም ከውጭም እኩል መግባት አለበት። ከ25 ወደ 20 ለማድረስ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሴንቲ ተኩል ይነሳል። ጉልበቱ ላይ አንድ ሴንቲ ያህል፣ ጭኑ መሐል ላይ ደግሞ ምንም። ሰነፍ ሰው የውስጡን ስፌት ብቻ ይዞ አምስቱንም ሴንቲ ከዚያ ያነሳል። ያኔ ፊት ለፊት የሚወርደው የካውያ መስመር ከመሐል ወጥቶ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ለባሹ ሲራመድ እግሩ የተጠመዘዘ ይመስላል። ይህ ስህተት ሱሪው ሲሰቀል አይታይም፤ ሲለበስ ግን በቪዲዮም ሳይቀር ይጋለጣል።

ርዝመቱ የሚወሰነው ለባሹ ዘወትር የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ሲቆም ነው። በነጠላ ጫማ ተለክቶ በቆዳ ጫማ የሚለበስ ሱሪ አጭር ይሆናል። የድሮው እጥፋት አራት ሴንቲ ከነበረ፣ እጥፋቱ ሲፈታ ከአዲሱ ምልክት በታች አሥር ሴንቲ ጨርቅ ይገኛል። አራቱ ለአዲሱ እጥፋት ይቀራል፣ ስድስቱ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ነገር አለ። የጠበበ እግር ወደ ታች እየቀጠነ ስለሚሄድ ከምልክቱ በታች ያለው አራት ሴንቲ በዚያው ቢቀጥን ወደ ላይ ሲታጠፍ ከላይኛው ጨርቅ ይጠብና ይሰበስበዋል። ስለዚህ ስፌቱ ከምልክቱ በታች አቅጣጫውን ቀይሮ መልሶ መስፋት አለበት፤ በምልክቱ ላይ የታጠፈ ወረቀት ሁለቱ ጎኖቹ እንደሚገጥሙ እጥፋቱም ከእግሩ ጋር እንዲገጥም።

ከተሰፋ በኋላ የሚተርፈው ጨርቅ ሁሉ አይቆረጥም። ወገቡ ላይ ምንም አይነካም፤ እግሩ ላይ ሁለት ሴንቲ ያህል ተትቶ የቀረው ይነሳና ጠርዙ በኦቨርሎክ ይያዛል። ኦቨርሎክ በሌለበት ሱቅ ጠርዙን በእጅ መያዝ ይቻላል፤ ጊዜ ቢወስድም ያው ነው። ይህ የተቀመጠ ትርፍ ለባሹ ሲወፍር ሱሪውን መልሶ ለመልቀቅ ያስችላል፤ ለቪዲዮውም እንደሚታየው ከሁሉ የበለጠ ማሳመኛ ይሆናል።

ልኩና ሥራው እንዲህ ከታወቀ በኋላ ጽሑፉ መልክ ይይዛል። የመጀመሪያው ምስል ለባሹን ከደረቱ እስከ ጫማው ፊት ለፊት ያሳያል፤ እጁ ወደ ጎን ወርዷል፣ ሱሪው ቀበቶ የለውም። ከአራት ሰከንድ አይበልጥም። ልብስ ሰፊው የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «የዚህ ሱሪ ጨርቅ ደህና ነው። ልኩ ግን የባለቤቱ አይደለም።» ሰላምታ፣ የሱቁ ስም፣ «ውድ ተመልካቾቻችን» የሚለው ሁሉ እዚህ ቦታ የለውም። ስልኩን በአውራ ጣቱ እያንሸራተተ የሚያየውን ሰው የሚያቆመው ሰፊ ሱሪ የራሱን ሱሪ ሲያስታውሰው ነው።

ሁለተኛው ምስል ቀረብ ይላል። አንድ እጅ የሱሪውን ወገብ ከኋላ ይይዝና ትርፉን ይቆነጥጣል፤ ከዚያ ካሜራው ወደ ታች ወርዶ ጫማው ላይ የተከመረውን ጨርቅ ያሳያል። ድምፁ፦ «ወገቡ በአራት ሴንቲ ይሰፋል። እግሩ ጫማውን ውጦታል።» ችግሩ በቃል የተጠራበት ቦታ ይህ ነው። ተመልካቹ ቤቱ ያለውን ሱሪ በዚህ መለኪያ እንዲያይ ቁጥሩ መነገሩ ይጠቅማል፤ «በጣም ይሰፋል» ማለት ግን ምንም አይነግረውም።

ሦስተኛው ክፍል ሥራው ነው፤ አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ከሰፊው ሱሪ በቀጥታ ወደ ጠባቡ ይገባል፤ እንደ ጨዋታ ይታያል እንጂ አያሳምንም። ልብሱን ለልብስ ሰፊ የሚሰጥ ሰው የሚፈራው ሱሪው አያምርም ብሎ ሳይሆን ይበላሽብኛል ብሎ ነው። በተሳሳተ ቦታ የገባ መቀስ አይመለስምና። መሐሉ መታየት ያለበት ይህን ፍርሃት ስለሚነካ ነው። በሳሙና ቁራጭ መስመር ሲሰመር፣ ሜትር ሁለት ጊዜ ሲዘረጋ፣ የድሮው ስፌት በምላጭ ጫፍ አንድ አንድ እያለ ሲተረተር፣ ከዚያ መኪናው ሲሄድ ይታያል። መጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ ማንም አይናገር፤ የመኪናው ድምፅ ይሰማ። ከዚያ ሱሪው ተገልብጦ ውስጡ ይታይና፦ «ከወገቡ የተቆረጠ ጨርቅ የለም። የቀነስነውን ውስጥ አስቀምጠናል፤ ነገ ቢወፍሩ ይለቀቃል።»

አራተኛው ምስል የቪዲዮው ልብ ነው። ለባሹ አንድ እግሩ ብቻ የጠበበውን ሱሪ ለብሶ ይቆማል። ግራው እግር ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫማው ላይ አርፏል፤ ቀኙ እንደነበረው ሰፍቶ ተከምሯል። «ግራው ተሠርቷል። ቀኙ እንዳመጡት ነው።» በፊትና በኋላ የሚባሉ ምስሎች ሁሉ የሚጠረጠሩበት ምክንያት አላቸው፤ ሱሪው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው ሌላ፣ ብርሃኑ ሌላ። እዚህ ግን ጨርቁም ሰውየውም ሰዓቱም አንድ ናቸው። ተመልካቹ ምስሉን አቁሞ ሁለቱን እግሮች የሚያወዳድረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ምስል የሥራውን ቅደም ተከተል ያዛባል። ዘወትር ሁለቱም እግሮች አብረው ይሰመራሉ፣ አብረው ይሰፋሉ፤ እኩል የሚሆኑት ስለዚህ ነው። ለቀረጻ ሲባል ግራው ብቻ ሲሠራ ቀኙ ኋላ በግማሽ ሴንቲ እንዳይለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መፍትሔው ሁለቱንም እግሮች በአንድ ጊዜ ሰምሮ አንዱን ብቻ መስፋት ነው። የቀኙ የሳሙና መስመር ከቀረጻው በፊት እንዳይጠፋ በእጅ በላላ ክር ይያዛል፤ ክሩ በካሜራ እንዳይታይ የጨርቁን ቀለም ይምሰል። ከቀረጻው በኋላ የተሠራው እግር ተገልብጦ በቀኙ ላይ ይዘረጋና መስመሩ ይመሳከራል። ወገቡም ከዚህ ምስል በፊት መጥበብ አለበት፤ አለዚያ ሱሪው ሲወርድ ግራው እግርም አብሮ ጫማው ላይ ይከመራል።

አምስተኛው ምስል የተጠናቀቀው ሱሪ ነው። ለባሹ በመጀመሪያው ምስል በቆመበት ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መቀመጡ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። ቆሞ የሚያምር ሱሪ ሲቀመጡበት ጭኑን የሚይዝ ከሆነ ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ያውቀዋል፤ በቪዲዮው መታየቱ ሱሪው የጠበበው ለፎቶ እንዳልሆነ ያሳያል። እዚህ ላይ ቃል አያስፈልግም።

የመጨረሻው ምስል ቦታውን ይነግራል። በገበያ ከተማ የቤት ቁጥር ተጠይቆ የሚመጣ ሰው የለም፤ የሚጠየቀው ምልክቱ ነው። ስለዚህ ካሜራው ሁሉም ከሚያውቀው ቦታ፣ ለምሳሌ ከመናኸሪያው በር ወይም ከወፍጮ ቤቱ፣ ተነስቶ እስከ ሱቁ ደጃፍ ያለውን መንገድ አፋጥኖ ያሳያል። በወሎ እንደ ባቲ ሰኞ ሰኞ የሚገበይ ከተማ ቢሆን መዝጊያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወርዱ በስተቀኝ ነን። ሰኞ ለገበያ ሲመጡ ይዘውት ይምጡ። ዋጋውን መቀስ ሳይነካው እንነግርዎታለን።» ቀኑ የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከገጠር ቀበሌ የሚመጣው ሰው በሳምንት አንድ ቀን ነው ከተማ የሚገባው፤ «ነገ ና» የሚለው የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ለእሱ የሳምንት ቀጠሮ ነው። በአንድ ቀን የሚደርስ ሥራ ከሆነ «ጠዋት ሰጥተው ማታ ይወስዳሉ» ቢባል ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጣል። ካልደረሰ ግን ባይባል ይሻላል፤ በቪዲዮ የተሰጠ ቀጠሮ በሰው ሁሉ ፊት የተሰጠ ነውና።

የዋጋው ቁጥር ከቪዲዮው የተተወውም ታስቦ ነው። የክርና የዚፕ ዋጋ በየጊዜው ይለወጣል፤ የተለቀቀ ቪዲዮ ግን እንደተለቀቀ ይኖራል። ከወራት በኋላ ቪዲዮውን ያየ ደንበኛ በድሮው ዋጋ ሊከራከር ይመጣል። ዋጋ መጻፍ የሚሻለው ሊፋቅ በሚችል ቦታ፣ ማለትም ሱቁ ውስጥ በሰሌዳ ላይ ነው።

ቀረጻው ራሱ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም፤ ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው። አብዛኛው የልብስ ስፌት ሱቅ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ብርሃኑ የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ለባሹ በሩን ጀርባው አድርጎ ከቆመ ስልኩ ደጁን አይቶ እሱን ጥላ ያደርገዋል። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቁም፣ ቀራጩ በሩ ላይ ጀርባውን ለደጁ ሰጥቶ ይቁም፤ ከዚያ ሱሪው ይታያል። ስልኩ ቁመቱን እንዲይዝ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ ከፍታው የለባሹ ወገብ ላይ ይሁን። ከላይ ወደ ታች ከተቀረጸ እግሩ ያጥራል፣ ሱሪውም ያለ ማጥበብ የጠበበ ይመስላል። አብዛኞቹ ስልኮች ላይ መስኮቱን ሱሪው ላይ ተጭኖ መያዝ ብርሃኑን እዚያው ያጸናዋል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ምስሉ እየደመቀና እየጨለመ አያስቸግርም።

ለባሹ የቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ በሳሙና ይሰመርበት። ስልኩ የነበረበትም እንዲሁ። የመጀመሪያውና የአምስተኛው ምስል በተለያየ ሰዓት ስለሚቀረጹ ምልክት ካልተደረገ አንዱ ቀረብ፣ አንዱ ራቅ ብሎ ይወጣል። የፀሐዩም ሰዓት ቢቀራረብ ይመረጣል፤ ጠዋት ሰፊውን ቀርጾ ማታ በአምፖል ጠባቡን መቅረጽ ግራጫውን ሱሪ ቡኒ ያደርገዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ካውያው ነው። ብዙ የ«በፊትና በኋላ» ቪዲዮዎች ላይ የመጀመሪያው ልብስ ከፌስታል የወጣ፣ የተጨማደደ ነው፤ የመጨረሻው ግን ተተኩሶ ቀጥ ያለ ነው። ተመልካቹ ሳይታወቀው የሚያየው የካውያውን ሥራ ነው። ሱሪው ከመጀመሪያውም ምስል በፊት ቢተኮስ ለውጡ ያነሰ ይመስላል፤ ግን የቀረው ለውጥ በሙሉ የመርፌው ነው። ለባሹም በመጀመሪያው ምስል ትከሻውን ጥሎ፣ በመጨረሻው ደረቱን ነፍቶ አይቁም። ይህን የሚለዩት ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ብቻ ሳይሆኑ ሚስቶችና እናቶች ናቸው፤ ልብሱን ወደ ሱቁ ይዞ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ሱፍ ሲተኮስ እርጥብ ጨርቅ በላዩ ካልተደረገ እንደሚያብለጨልጭ፣ ያም ብልጭታ በካሜራ ይበልጥ እንደሚታይ መርሳት አይገባም።

ድምፁ ከምስሉ ተለይቶ ቢቀረጽ ይሻላል። የገበያ ቀን ጫጫታ፣ የባጃጅ ጥሩምባና የጎረቤት ሙዚቃ አንድ ላይ ሲሰሙ ልብስ ሰፊው ምን እንዳለ አይታወቅም። ማታ ሱቁ ሲዘጋ፣ ብትን ጨርቅ በተከመረበት ጥግ ተጠግቶ ስልኩን ወደ አፍ አቅርቦ መናገር ድምፁን ያጠራዋል፤ ጨርቁ የግድግዳውን ማስተጋባት ይይዛል። ጽሑፉ ጮክ ተብሎ በሰዓት ይነበብ፤ ከምስሉ የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ካለ ንግግሩን ከማፍጠን ቃል መቀነስ ይመረጣል። ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያየው ድምፁን ዘግቶ ስለሆነ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ምስሉ ላይ ይቀመጡ፦ «ወገብ 4 ሴንቲ ይሰፋል»፣ «ግራው ተሠርቷል»፣ እና የሱቁ ምልክት። ከዚያ በላይ ጽሑፍ ሱሪውን ይሸፍነዋል።

ቪዲዮው መቼ ይለቀቅ የሚለው የሱቁን አቅም ይመለከታል። በእንቁጣጣሽ፣ በፋሲካና በዒድ ዋዜማ ሳምንት ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ መቀመጫ አይገኝም፤ ያኔ አዲስ ደንበኛ መጥራት የነበረውንም ማስቀየም ነው። የጥር ሠርግ ታስቦ ከሆነ ቪዲዮው በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢወጣ ሱሪው የሚስተካከልበት ጊዜ ይኖራል። በነሐሴ ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ጽሑፍ ነው። ያኔ የሚመጣው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ጥያቄውም ማጥበብ ሳይሆን ማስረዘም ነው። ለዚያ የሚሆነው ምስል የተለየ ነው፤ የቀሚሱ ወይም የሱሪው እጥፋት ሲፈታ ውስጥ ያለው ጨርቅ ቀለሙ ያልለቀቀ ሆኖ ከላይኛው ይለያል፣ በድሮው እጥፋት ላይም ነጣ ያለ መስመር ይቀራል። መስመሩ በካውያ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጽሑፉ ይህን ከደበቀ ደንበኛው ልብሱን ሲቀበል ያየዋል፤ «መስመሩ ይቀራል፤ ከፈለጉ በላዩ ጥለት እንሰፋበታለን» ከተባለ ግን ምርጫው የደንበኛው ይሆናል።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቪዲዮው ላይ እንዳየው ዓይነት ሱሪ አይዞም። አንዱ ከወገቡ አሥር ሴንቲ እንዲነሳ ይፈልጋል፤ ሌላው ለራሱ የጠበበውን እንዲሰፋለት። የሰፋን ልብስ ማጥበብ ሁልጊዜ ይቻላል ማለት ይቻላል፤ የጠበበን ማስፋት ግን የሚወሰነው ውስጡ በቀረው ጨርቅ ነው። ይህ የሚታወቀው ሱሪው ተገልብጦ የመሐል ስፌቱ ሲታይ ነው። ከስፌቱ ወዲያ ያለው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ብቻ ከሆነ የሚለቀቅ የለም፤ ሦስት ሴንቲ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ተለቆ ወገቡ በአራት ይሰፋል፤ የድሮው ስፌት ቀዳዳዎችና ያልደበዘዘው ጨርቅ ግን ከቀበቶው በታች ይታያሉ። ለሁለተኛ ቪዲዮ የሚሆነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሱሪውን ገልብጦ ትርፉን በሜትር እየለኩ የትኛው እንደሚለቀቅ፣ የትኛው እንደማይለቀቅ ማሳየት። ያን ያየ ሰው ሱሪውን ቤቱ ገልብጦ አይቶ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው።